ከኦዲት ደብዳቤው በኋላ ያሉት 21 ቀናት

አዲስ አበባ ውስጥ ሲሚንቶ፣ ብረትና ቆርቆሮ የሚሸጥ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ እንበል። ከገቢዎች ሚኒስቴር ቅርንጫፍ የመጡ ኦዲተሮች የአንድ ዓመት ሰነዱን ሲያገላብጡ ከርመው ደብዳቤ ይጽፉለታል። ድርጅቱ በወጪ ከመዘገበው ግዥ ውስጥ 2 ሚሊዮን ብሩ ተቀባይነት ባለው ደረሰኝ ስላልተደገፈ ወጪው ውድቅ ሆኗል ይላል ደብዳቤው። ውድቅ የሆነ ወጪ ትርፍ ሆኖ ይቆጠራል። የድርጅት የትርፍ ግብር 30 በመቶ በመሆኑም 600 ሺህ ብር ተጨማሪ ግብር ተወስኗል፤ ቅጣቱና ወለዱ ከዚህ ውጭ ነው።

ሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያደርገውን መገመት አያስቸግርም። ደብዳቤውን ይዞ ቅርንጫፉ ይሄዳል፤ የቡድን መሪውን ያናግራል፤ “እንደገና እናየዋለን” ይባላል። በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሒሳብ ሠራተኛዋ የጎደሉ ሰነዶችን ስታፈላልግ ትውላለች። ቢሮ ለቢሮ የተደረገው ንግግር ሁሉ በጎ ሊሆን ይችላል፤ በሕግ ዓይን ግን ቅሬታ አልቀረበም። ቀኑ ደግሞ እየሄደ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 እንደሚለው፣ በታክስ ውሳኔ ያልተስማማ ግብር ከፋይ ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ለራሱ ለታክስ ባለሥልጣኑ ማቅረብ አለበት። ካላቀረበ ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል። ኦዲተሩ የመደመር ስህተት ሠርቶ እንኳ ቢሆን፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግብር ከፋዩ ውሳኔውን በመብት ሊከራከርበት አይችልም። በሕመም፣ ከአገር ውጭ በመሆን ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ያልቻለ ሰው ጊዜ እንዲራዘምለት ማመልከት ይችላል፤ የሚጨመረው ግን ቢበዛ 10 ቀን ነው።

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ እንደ ወረፋ ያየዋል፤ “እነሱው ወስነው እነሱው ያያሉ፣ ዋናው ፍርድ ቤት ነው” ይላል። የአስተዳደር ሕግ አካሄድ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የሰጠውን ውሳኔ መጀመሪያ ራሱ እንዲያርም ዕድል ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ ጉዳዩን የሚያውቅ ልዩ አካል ያየዋል፤ መደበኛው ፍርድ ቤት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ደረጃውን ዘሎ በቀጥታ ፍርድ ቤት ክስ የመሠረተ ግብር ከፋይ አቤቱታው ሳይሰማ መመለሱ አይቀርም። ከዚያ በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን ሌላ ነው። በዚህ የመጀመሪያ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ምክንያት ከዚያ በኋላ ለመጻፍ አስቸጋሪ ይሆናል።

ሕጉ ቅሬታው ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል፦ የተቃወሙበትን ምክንያት በትክክል፣ ውሳኔው እንዴት እንዲስተካከል እንደሚፈልጉ፣ ለምን እንደዚያ መሆን እንዳለበት። “ግብሩ በዝቶብናል፣ አቅማችንን ያላገናዘበ ነው” የሚለው ልመና እንጂ ቅሬታ አይደለም። ባለሥልጣኑ እንዲህ ያለውን ማመልከቻ በአግባቡ አልቀረበም ብሎ ምክንያቱን በጽሑፍ ሊያሳውቅ ይችላል። ግብር ከፋዩ ያን ጊዜ የሚያስተካክልበት አጭር ቀን ይሰጠዋል፤ ካላስተካከለ ቅሬታው እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ወደ ሲሚንቶ ሻጩ ድርጅት እንመለስ። ብልህ ሒሳብ ሠራተኛ ብትኖረው 2 ሚሊዮኑን በሦስት ትከፍለዋለች። 500 ሺህ ብር ለሚሆነው ግዥ ምንም ሰነድ የለም፤ በዚህ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። 600 ሺህ ብር ለሚሆነው ደረሰኙ ጎድሎ የተሞላ ቢሆንም፣ ክፍያው በባንክ የተላለፈበት ማስረጃ፣ ከሻጩ ላይ ቅድመ ግብር ተቀንሶ የተከፈለበት ደረሰኝና ዕቃው መጋዘን የገባበት ሰነድ አለ። የቀረው 900 ሺህ ብር አስቸጋሪው ነው። ደረሰኙ በእጅ አለ፤ ኦዲተሮቹ ግን ሻጩ በአድራሻው ስለሌለ ደረሰኙ ሐሰተኛ ነው ብለዋል። ድርጅቱ ደግሞ “ስንገዛ ሱቁም ሰውየውም ነበሩ” ይላል።

አዋጁ ያልተካደውን ክፍል ክፈሉ ስለሚል፣ ድርጅቱ ካመነበት 500 ሺህ ብር ላይ የሚታሰበውን 150 ሺህ ብር ግብር መክፈል ይጠበቅበታል። በቀረው 450 ሺህ ብር ግብር ላይ ቅሬታውን ያቀርባል። በዚህ ደረጃ ለመከራከር ብሎ ከተካደው ግብር የሚያስይዘው ነገር የለም። ከጠቅላላው ሙግት ውስጥ በነፃ የሚካሄደው ይህ ብቻ ነው።

ቅሬታውን የሚያየው በባለሥልጣኑ ውስጥ ቋሚ ሆኖ የተቋቋመ የቅሬታ አጣሪ ክፍል ነው። ውሳኔውን ከሰጡት ኦዲተሮች ተለይቶ በገለልተኝነት ያጣራል ተብሎ ይታሰባል፤ ደመወዙን የሚከፍለው ግን ያው መሥሪያ ቤት ነው፤ ሥልጣኑም የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ እንጂ መወሰን አይደለም። አጣሪው መዝገቡን ሲመረምር ግብሩ እንዲያውም አንሷል ብሎ ካመነ፣ ስሌቱ እንደገና እንዲታይ ወደ ታክስ ሠራተኛው እንዲመለስ ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል። ስለዚህ በሌላ ወገን የተደበቀ ነገር ያለበት ሰው ቅሬታ ከማስገባቱ በፊት መዝገቡን ራሱ ቢያገላብጥ ይሻለዋል።

መልሱ ቢዘገይስ? አዋጁ ለዝምታም ዋጋ ሰጥቶታል። ቅሬታው ከቀረበ በ180 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ግብር ከፋዩ በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። “ገና መልስ አልመጣም” ብሎ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ወር በትዕግሥት የሚጠብቅ ነጋዴ ይህን ቀን ያልፍበታል። የቅሬታውን ግልባጭ ከነማኅተሙ ማስቀመጥ የሚያስፈልገውም ቀኑን በኋላ ለማስረዳት ነው።

በምሳሌያችን አጣሪው ባንክና መጋዘን የመሰከሩለትን 600 ሺህ ብር ተቀበለ፤ ስለ ጠፋው ሻጭ የተነሣውን 900 ሺህ ብር ግን አልተቀበለም እንበል። ክርክሩ አሁን 270 ሺህ ብር ግብር ላይ ደርሷል። ቀጣዩ በር የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ነው፤ ውሳኔው በደረሰ በ30 ቀናት ውስጥ።

ኮሚሽኑ ከግብር ሰብሳቢው ውጭ የቆመ አካል ነው። በ2008ቱ አዋጅ አባላቱን የሚሾመው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። እዚህ ባለሥልጣኑ መልስ ሰጪ ሆኖ ይቀርባል፤ ኦዲተሩ ምን አይቶ እንደወሰነ ሰነዱን ያስረክባል። ኮሚሽኑ ውሳኔውን ሊያጸና፣ ሊያሻሽል፣ ሊሽር ወይም ከመመሪያ ጋር ለባለሥልጣኑ መልሶ ሊልከው ይችላል። ይህን በ120 ቀናት ውስጥ እንዲጨርስ ይጠበቅበታል፤ ጉዳዩ ሲወሳሰብ 60 ቀን ሊጨመርለት ይችላል።

በሩ ግን ክፍያ አለው። ግብር ላይ የሚቀርብ ይግባኝ ተቀባይነት የሚያገኘው ከተካደው ግብር 50 በመቶው በቅድሚያ ከተከፈለ ነው። ቅጣትና ወለድ በዚህ ስሌት አይገቡም። ለምሳሌያችን ድርጅት ይህ 135 ሺህ ብር ነው። የደንቡ ደጋፊዎች፣ ያለ ክፍያ ቢፈቀድ ሁሉም ግብሩን ለማዘግየት ሲል ብቻ ይግባኝ ይላል ይላሉ፤ ይህ ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ደንቡ አንድ የማይመች ጠባይ አለው። ባለሥልጣኑ ባጋነነ ቁጥር ስህተቱን ለማሳየት የሚጠየቀው ገንዘብ ያድጋል። ዐሥር እጥፍ በስህተት የተገመተበት ሰው፣ በትክክል ከተገመተበት ይልቅ ወደ ኮሚሽኑ ለመግባት ይቸገራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ለማንም ሰው ስለሰጠ፣ የሕግ ባለሙያዎች በዚህ ነጥብ ላይ መከራከራቸው አያስገርምም።

ኮሚሽኑ ፊት ሁለት ነገሮች ግብር ከፋዩን ይጠብቁታል። አንደኛው የማስረዳት ሸክም ነው፤ ውሳኔው ስህተት መሆኑን ማስረዳት ያለበት ግብር ከፋዩ ነው እንጂ፣ ትክክል መሆኑን እንዲያስረዳ የሚገደደው ባለሥልጣኑ አይደለም። ሁለተኛው፣ ኮሚሽኑ ካልፈቀደ በቀር ክርክሩ በቅሬታው ላይ በተጻፉት ምክንያቶች ይታጠራል። ድርጅቱ በ21 ቀናት ውስጥ የጻፈው “ሻጩን አናውቅም፣ ይቅር ይባልልን” ብቻ ከሆነ፣ ሻጩ በግዥው ጊዜ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር እንደነበረው አሁን ተነሥቶ መከራከር ይከብደዋል።

የማስረዳት ሸክም መጽሐፍ ለማይዝ ነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ታይቷል። የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ይፋ ሲደረግ በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎች ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ነበር። ገማቾች ሱቁን አይተውና ባለቤቱን ጠይቀው በቀን ይህን ያህል ይሸጣል ብለው ጽፈዋል። ባለ ሻይ ቤቷ “ይህን ያህል አልሸጥም” ትላለች፤ ግን አለመሸጧን በምን ታስረዳለች? ያላት የስኳርና የዱቄት ግዥ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የጎረቤት ተመሳሳይ ሱቅ ግምት ብቻ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የታክስ አስተዳደር ሕግ ቢኖራቸውም፣ በማስረጃ በኩል የሚገጥማት ችግር ያው ነው። ቁጣው ከግምቱ መጠን በተጨማሪ ለመቃወሚያ የሚሆን ወረቀት ከማጣትም የመነጨ ነበር ማለት ይቻላል።

ኮሚሽኑም ለባለሥልጣኑ ከፈረደ፣ ድርጅቱ በ30 ቀናት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል። ቅድመ ክፍያው ወደ 75 በመቶ ያድጋል፤ ከ270 ሺህ ብሩ 202,500 ብር ማለት ነው። 135 ሺህ ብሩ አስቀድሞ ስለተከፈለ 67,500 ብር ይጨምራል። ከገንዘቡ ይልቅ ግን የሚያጠበው የጥያቄው ዓይነት ነው፤ ፍርድ ቤቱ የሚያየው የሕግ ጥያቄን ብቻ ነው። ሲሚንቶው በእርግጥ ተገዝቷል ወይስ አልተገዛም የሚለው የፍሬ ነገር ጥያቄ ስለሆነ ኮሚሽኑ ላይ አብቅቷል። ሻጩ በኋላ ስለ ጠፋ ብቻ በቅን ልቦና የገዛ ሰው ወጪ ሊሰረዝ ይችላል ወይ የሚለው ግን የሕግ ጥያቄ ነው። ጥሩ ጠበቃ ይግባኙን የሚጽፈው በዚህ ሁለተኛው መልክ ነው። ከዚያ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያልፍበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያም በላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ሰበር ሰሚ ችሎቱ አለ፤ የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።

ድርጅቱ ሻጩ ፈቃድ እንደነበረው የሚያሳየውን ወረቀት በመጀመሪያው ቅሬታ ካያያዘ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲደርስ ሰነዱ መዝገቡ ውስጥ ስላለ የሚቀረው ሕጉን መከራከር ብቻ ነው። ካላያያዘ ከኮሚሽኑ የሚወጣው ውሳኔ “ይግባኝ ባይ አላስረዳም” በሚል ዐረፍተ ነገር ይደመደማል፤ ያ ድምዳሜ ደግሞ የፍሬ ነገር ስለሆነ ዳኞቹ አይነኩትም።