የመግዣ ዋጋ ሲንር የክምችት ስሌት በትርፍ ሪፖርት ላይ የሚያመጣው ልዩነት

ሁለት ድርጅቶች አንድ ዓይነት ዕቃ በእኩል ዋጋ ገዝተው በእኩል ዋጋ ቢሸጡም፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚያቀርቡት ትርፍ ሊለያይ ይችላል። የልዩነቱ ምንጭ የተሸጠው ዕቃ ወጪ የሚሰላበት ዘዴ ነው።

ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ስታንዳርድ ቁጥር 2 ተመሳሳይ ለሆኑ ዕቃዎች ሁለት ዘዴዎችን ይፈቅዳል። አንደኛው "ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል" የሚባለው ሲሆን፣ ሁለተኛው የተመዘነ አማካይ ዋጋ ነው። በመጀመሪያው ዘዴ የተሸጠው ዕቃ ወጪ የሚያዘው ቀደም ሲል በተገዛበት ዋጋ ነው። በሁለተኛው ግን የግዢዎቹ ጠቅላላ ዋጋ ለጠቅላላ መጠናቸው ይካፈላል።

ለአብነት፣ የመነሻ ክምችት የሌለው አንድ ሲሚንቶ አከፋፋይ በዓመቱ ውስጥ በሦስት ዙር 100፣ 100 ኩንታል በቅደም ተከተል በ1 ሺህ፣ በ1 ሺህ 100 እና በ1 ሺህ 200 ብር ገዛ እንበል። ጠቅላላ ወጪው 330 ሺህ ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 200 ኩንታል እያንዳንዱን በ1 ሺህ 400 ብር ሸጦ 280 ሺህ ብር አገኘ።

በመጀመሪያው ዘዴ የተሸጠው ዕቃ ወጪ 210 ሺህ ብር፣ ያልተጣራ ትርፉ ደግሞ 70 ሺህ ብር ነው። በአማካይ ዋጋ ኩንታሉ 1 ሺህ 100 ብር ስለሚሆን ወጪው 220 ሺህ፣ ትርፉ 60 ሺህ ብር ይሆናል። የ10 ሺህ ብሩ ልዩነት የሚገኘው በመጋዘን በቀረው 100 ኩንታል ዋጋ ላይ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያው 120 ሺህ፣ በሁለተኛው 110 ሺህ ብር ተመዝግቧል። የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ቢሆን፣ ልዩነቱ በግብር ላይ 3 ሺህ ብር ያስከትላል።

ድርጅቱ የሸጠውን 200 ኩንታል በመጨረሻው ዋጋ ለመተካት 240 ሺህ ብር ያስፈልገዋል። ከሽያጩ የሚተርፈው እንግዲህ 40 ሺህ ብር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የታየው 30 ሺህ ወይም 20 ሺህ ብር ከዋጋ ንረቱ የመጣ ሲሆን፣ ለትርፍ ክፍፍል ከዋለ ድርጅቱ የቀድሞውን ያህል ዕቃ ለመግዛት ሊበደር ይገደዳል።

ልዩነቱ ግን ዘላቂ አይደለም። የቀረው 100 ኩንታል ያለ አዲስ ግዢ በቀጣዩ ዓመት በዚያው ዋጋ ቢሸጥ፣ በመጀመሪያው ዘዴ 20 ሺህ፣ በአማካዩ 30 ሺህ ብር ያስገኛል። የሁለቱም ዓመታት ድምር 90 ሺህ ብር ነው። ክምችት በፍጥነት በሚዞርበት ድርጅት ልዩነቱ ይጠባል፤ ዋጋ ሲወርድም ውጤቱ ይገለበጣል።

በመሆኑም የድርጅቶችን አፈጻጸም የሚገመግም ኃላፊ፣ ከሂሳብ መግለጫው ጋር በሚያያዘው ማብራሪያ የትኛው ዘዴ እንደተሠራበትና ካለፈው ዓመት የተለወጠ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል። ዘዴው ተለውጦ ከሆነ፣ ያለፈው ዓመት አኃዝም በአዲሱ ዘዴ ተስተካክሎ ካልቀረበ በስተቀር የሁለቱን ዓመታት ትርፍ ማነጻጸር አያስኬድም።