የቀለበት ፈርጥ እንዳይወድቅ፦ ጥፍር፣ ክፈፍ ወይስ ቦይ?

የቀለበት ፈርጥ ወድቆ ሲጠፋ ለባለቤቱ ድንገተኛ ይመስላል። በአብዛኛው ግን ድንጋዩን የያዘው ብረት ቀስ በቀስ ሲሳሳ ወይም ሲላላ ቆይቷል።

በጣም የተለመደው አያያዝ በጥፍር ነው። ወርቅ ሠሪው ቀጫጭን የብረት ዘንጎችን አቁሞ ጫፋቸውን በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ያጥፋል። ብርሃን ከጎንም ስለሚገባ አልማዝ በዚህ መልኩ ደምቆ ይታያል።

ችግሩ ያለውም እዚያው ከፍታው ላይ ነው። አንድ ካራት ገደማ የሆነ አልማዝ በአራት ጥፍር የተያዘበት ቀለበት የምታደርግ ነርስን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ጓንት ባጠለቀችና ባወለቀች ቁጥር የጥፍሩ ጫፍ ጓንቱን ይይዛል፤ አንዳንዴም ይቀደዋል። እያንዳንዱ ጉተታም ጥፍሩን በጥቂቱ ያነሳዋል። ከአራቱ አንዱ ከተሰበረ ድንጋዩ በዚያ በኩል ሊያመልጥ ይችላል። ጥፍሮቹ ስድስት ከሆኑ ግን የቀሩት አምስቱ ለጥገና እስኪደርስ ይዘው የማቆየት ዕድላቸው የተሻለ ነው።

የላላን ጥፍር ለማወቅ ቀለበቱን በጥጥ ማበስ ይበቃል፤ ክር ይዞ የሚያስቀር ጥፍር ተነስቷል ማለት ነው። ቀለበቱ ጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ ቀጭን ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ድንጋዩ ራሱ ላልቷል።

ለዚህች ነርስ የሚሻለው ክፈፍ ነው። በክፈፍ አያያዝ ቀጭን የብረት ግድግዳ ድንጋዩን ዙሪያውን ይከብበውና ጫፉ ወደ ውስጥ ይጫናል። ጓንት ወይም ሹራብ የሚይዝ ሹል ነገር የለውም፤ በቀላሉ የሚሸረፈው የድንጋዩ ጠርዝም ይሸፈናል። በምላሹ ከጎን የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል።

ቦይ ተብሎ ሊጠራ የሚችለው ሦስተኛው አያያዝ ትናንሽ ድንጋዮችን በሁለት ግድግዳዎች መካከል ይደረድራል። እሱም ልብስ አይዝም። ይሁንና ቀለበቱ በር ላይ ተመትቶ ቢጣመም አንድ ሳይሆን በርካታ ድንጋዮች በአንዴ ሊላሉ ይችላሉ። ጣት ሲወፍር ቀለበቱን ማስፋትም አስቸጋሪ ነው።

ምርጫው በድንጋዩ ዓይነትም ይወሰናል። ከወሎ ደላንታ አካባቢ የሚወጣው ኦፓል ከአልማዝ እጅግ የለሰለሰ ነው፤ በአቧራ ውስጥ ያለ ደቃቅ አሸዋ እንኳ ይጭረዋል። ስለዚህ በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት ጠርዙን የሚጠብቅለት ክፈፍ ይስማማዋል። ነገር ግን ብረቱ ሲጫን ኦፓሉ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ግድግዳው ስስና ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል። ከላይ የሚወጣውን የድንጋዩን ጉብታ ግን ክፈፍም አያድነውም። የወሎ ኦፓል ውኃ ስለሚመጥ፣ እስኪደርቅ ድረስ ቀለሙ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ዕቃ ከማጠብ በፊት ማውለቁ የሚመከረውም ለዚህ ነው።