ሚዛኑ ከእግር እብጠት ይቀድማል

ከፋርጣ ወይም ከጋይንት እግሩ አብጦ፣ ትራስ ደራርቦ እንኳ መተኛት ያቃተው የልብ ድካም ሕመምተኛ ደብረ ታቦር ሲደርስ፣ ፈጥነው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ፉሮሰማይድ ነው። ብዙ ሰው ላሲክስ ብሎ ያውቀዋል። ልብን አያክምም። ሥራው ኩላሊት ላይ ነው፤ ጨውና ውኃ አስወጥቶ ትንፋሽን ያቀላል።

የደከመ ልብ ወደ ኩላሊት የሚልከው ደም ያንሳል። ኩላሊት ደግሞ ይህን የሚረዳው ሰውነት ውኃ እንደጎደለው አድርጎ ነው፤ ስለዚህ ጨውና ውኃ ይይዛል። የጤነኛ ሰው ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጣርቶ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ደም ይመልሳል። ከተጣራው ጨው አንድ አራተኛው ገደማ የሚመለሰው ሄንሌ በሚባለው የቱቦው እጥፋት ላይ ነው። ፉሮሰማይድ እዚያ ያለውን የጨው ማስተላለፊያ ይዘጋዋል። ጨው ቱቦው ውስጥ ይቀራል፣ ውኃም ተከትሎት በሽንት ይወጣል። የደሙ መጠን ሲቀንስ በእግርና በሳንባ የተጠራቀመው ፈሳሽ ወደ ደም ሥር ይመለሳል፤ እብጠቱ የሚሟሽሸው እንዲህ ነው።

ኪኒኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሸናል፣ በስድስት ሰዓት ገደማ ኃይሉ ያልቃል። በቀሪው ጊዜ ኩላሊት ያጣውን ጨው ለመመለስ ይሽቀዳደማል። ጠዋት ኪኒን ውጦ ማታ ጨው የበዛበት ወጥ የሚበላ ሰው ጠዋት ያወጣውን ማታ ይመልሰዋል።

አንድ ኪሎ የሚመዝን ውኃ አንድ ሊትር ነው። ቁርጭምጭሚት ሲጫኑት የሚሰረጉደው ሁለት ሦስት ሊትርና ከዚያም በላይ ከተጠራቀመ በኋላ ስለሆነ፣ እግርን ብቻ የሚያይ ሰው ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ሚዛን ግን ቀድሞ ይናገራል፤ እርግጥ በትክክል ከተመዘኑበት። ጠዋት ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ መመዘን ያስፈልጋል። በደጋው ብርድ ይህ ቀላል አይደለም፤ ግን ጋቢ ለብሶ አንድ ቀን፣ ሳይለብሱ ሌላ ቀን መመዘን የሌለ እብጠት ይፈጥራል። ወለሉ አፈር ከሆነ ሚዛኑን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ለማስረዳት ያህል፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት እናስብ። ሆስፒታል ሲገቡ 61 ኪሎ ነበሩ። በደም ሥር በተሰጣቸው ፉሮሰማይድ እብጠቱ ሲጠፋ 54 ሆኑ፤ ይህ ያለ እብጠት ክብደታቸው ነው፣ ካርዳቸው ላይም ይጻፋል። በየጠዋቱ 40 ሚሊግራም እንዲወስዱ፣ ለልብ ምታቸውም ዲጎክሲን ታዞላቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ከወር በኋላ ሰኞ 54፣ ማክሰኞ 54.4፣ ረቡዕ 55.3፣ ሐሙስ 56.2 መዘኑ። እግራቸው አላበጠም። በሦስት ቀን ከሁለት ኪሎ በላይ መጨመር ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄጃ ምልክት ነው። ሲጠየቁ ለጉልበታቸው ሕመም ዳይክሎፌናክ ገዝተው እየዋጡ ነበር። እንዲህ ያሉ ማስታገሻዎች ጨው ያስይዛሉ፣ የላሲክስንም ጉልበት ይሰብራሉ። ዳይክሎፌናኩን እንዲተዉ፣ ላሲክሱን ለሦስት ቀን ብቻ እጥፍ እንዲወስዱ ተነገራቸው። እሳቸው ግን ስለተሻላቸው እጥፉን ቀጠሉ። በሁለተኛው ሳምንት 52 ኪሎ ሆኑ፤ ሲነሱ ያዞራቸዋል፣ ባታቸውን ሌሊት ሌሊት ይሸመቅቃቸዋል። የጎደለ ክብደትም እንደ ጨመረው ሁሉ ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል።

ደማቸው ሲታይ ፖታሲየማቸው 3.0 ነበር፤ ጤናማው ከ3.5 እስከ 5.0 ነው። ላሲክስ ያስቀረው ጨው ወደ ቱቦው ታችኛ ክፍል ሲወርድ፣ ኩላሊት ከፊሉን ለማዳን ሲል ፖታሲየም እየሰጠ ሶዲየም ይወስዳል። ፖታሲየም የልብ ምት ሥርዓት የሚጠበቅበት ማዕድን ነው። ሲያንስ ደግሞ ዲጎክሲን በልኩ ተወስዶ እንኳ ልብን ሊመርዝ ይችላል፤ ለእኚህ እናት ትልቁ አደጋ ይኸው ነበር። ላሲክሳቸው ወደ 40 ተመለሰ፣ ፖታሲየም የሚያስቀር ስፓይሮኖላክቶን 25 ሚሊግራም ተጨመረላቸው፣ በሳምንቱ ደማቸው እንዲደገም ታዘዘ። መጠን በተቀየረ ቁጥር ምርመራው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደገማል።

ደቡብ ጎንደር የድንች አገር ነው፣ ድንችም ፖታሲየም የሞላበት ነው፤ በተለይ ሳይላጥና ሳይከተፍ ከተቀቀለ። ላሲክስ ብቻ ለሚወስድ ሰው መልካም ምግብ ነው። ነገር ግን ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል አብሮ የሚወስድ፣ በተለይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየሙ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ሲበዛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፣ ልብን ግን ድንገት ሊያቆም ይችላል። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት የልብ ሕመምተኞች ከአንድ ድስት ድንች ሊበሉ፣ አንዱ «ጨምር» ሌላው «ቀንስ» ሊባሉ ይችላሉ። ማን ምን እንደሚባል የሚታወቀው በደም ምርመራው ነው።