«ተመላሽ» ሲባል ምኑ ነው የሚመለሰው?

ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ የወጣው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ 16 ጂቢ ራም፣ ዋጋው 38,500 ብር። ከሥሩ በደማቁ «100% ተመላሽ! የ7 ቀን ዋስትና» ይላል። ሐዋሳ የምትኖር አንዲት ደንበኛ በዚያው ዕለት ገንዘቡን በቴሌብር አስገባች። ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ ሐሙስ ደረሰላት። እሑድ ቀን ተቀምጣ ስትሠራ፣ ሞልቶ የነበረው ባትሪ በ40 ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ሰኞም ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ረቡዕ ደወለች።

«እህቴ፣ 7 ቀኑ ትናንት አልቋል» አላት ሻጩ። «ደግሞ እኛ ተመላሽ ስንል ዕቃው ይመለስና በሌላ ይቀየራል ማለታችን ነው።»

ሻጩ ጓደኛዬ ነው። ማታ ስልኩን አውጥቶ ማስታወቂያውን አሳየኝና «እስቲ አንተ ፍረድ፣ የቱ ጋ ነው የዋሸሁት?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር አልዋሸም። ችግሩ፣ የጻፈው ነገር ለእሱም ለእሷም የሚስማማ መሆኑ ነው። ሁለቱም ያንኑ መስመር አንብበው፣ ሁለቱም የሚፈልጉትን አግኝተውበታል።

«ተመላሽ» የሚለውን ቃል እንየው። የሚመለስ ነገር መኖሩን ይናገራል እንጂ ምኑ እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚመልሰው፣ መቼ እንደሚመለስ አይናገርም። ገዢዋ ገንዘቡ ብላ አነበበችው፤ ሻጩ ዕቃው ብሎ ጽፎታል። «ገንዘብዎን እንመልሳለን» ቢል ኖሮ መላሹ ማን እንደሆነና የሚመለሰው ምን እንደሆነ ከግሱ ላይ ይታወቅ ነበር። «100%» ደግሞ ነገሩን ያባባሰ እንጂ ያጠራ አልነበረም። ለእሷ ከመላኪያው ጋር የወጣው እያንዳንዱ ብር ነው፤ ለእሱ «ያለ ጥርጥር» ማለት ነው።

«ዋስትና»ም እንዲሁ ሦስት ነገር ይሸከማል። የተበላሸውን በነጻ መጠገን፣ በሌላ መቀየር፣ ገንዘብ መመለስ። ሱቅ ገብተን «የ1 ዓመት ዋስትና አለው» ስንባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ጥገናው ነው። ቃሉ ብቻውን ሲጻፍ ግን ገዢ ከሦስቱ ትልቁን፣ ሻጭ ትንሹን ይይዛል። ቀኑስ ከመቼ ይቆጠራል? ከፍላ ከነበረበት ማክሰኞ ከተቆጠረ ረቡዕ ስምንተኛው ቀን ነው። ዕቃው ከደረሰበት ሐሙስ ከተቆጠረ ግን ገና ስድስተኛው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ለሚደርሰው ሰው ልዩነቱ አይታይም፤ ክፍለ ሀገር ላለው ግን ዕቃው መንገድ ላይ እያለ ዋስትናው ይበላል።

ጓደኛዬን ያስደነገጠው ግን ሌላ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሻጭ ከዚህ የተሻለ ቃል ከገባ ደግሞ ለሸማቹ የሚጠቅመው ይጸናል። እንግዲህ «የ7 ቀን ዋስትና» ተብሎ እንደ ስጦታ የቀረበው፣ ለብልሽት ከሆነ ሕጉ ከሰጠው ከግማሽ ያነሰ ነው። ይህ ድንጋጌ የሚናገረው ግን ስለ ጉድለት ነው። «ቀለሙ አላማረኝም» ብሎ መመለስ በእሱ አይሸፈንም፤ እዚያ ላይ ሻጩ የፈለገውን ያህል ቀን መስጠት ይችላል። ሁለቱን ባንድ መስመር መደባለቅ ነው ጠቡን የሚወልደው።

ያገለገለ ዕቃ ሲሆን ዋናው ጥያቄ «ጉድለት የሚባለው የቱ ነው?» ይሆናል። ያገለገለ ባትሪ እንደ አዲስ አይይዝም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን ምን ያህል? በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን ከፍቶ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
powercfg /batteryreport
```

ኮምፒውተሩ አንድ ሪፖርት ያዘጋጅና የተቀመጠበትን ቦታ ይነግራል። ሪፖርቱ ውስጥ ሁለት ቁጥሮችን ማየት ነው፤ DESIGN CAPACITY ባትሪው ሲሠራ እንዲይዝ የታሰበው፣ FULL CHARGE CAPACITY ደግሞ አሁን ሞልቶ የሚይዘው ነው። የሐዋሳው ላፕቶፕ ተመልሶ ሲመጣ አብረን አየነው። የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 19,000 ነበር። 38 በመቶ ብቻ። ጓደኛዬ ይህን ቀድሞ አይቶ በማስታወቂያው ላይ ቢጽፈው ኖሮ፣ ወይ አትገዛውም ወይ ዋጋ አስቀንሳ አውቃው ትገዛዋለች። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ገዢው ሲዋዋል ያውቀው ለነበረው ጉድለት ሻጩን አይጠይቅም። ጉድለትን ጽፎ ማውጣት ገዢን ያሸሻል ብለው የሚፈሩ ሻጮች፣ ከሁሉ የሚጠብቃቸውን ዓረፍተ ነገር ነው የሚያስቀሩት።

በዚያው ሳምንት ማስታወቂያውን አብረን እንደገና ጻፍነው። ለሚቀጥለው ላፕቶፕ የወጣው ይህ ነው፦

«ያገለገለ ነው። ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው 80 በመቶውን ይይዛል፤ ሪፖርቱን ከፎቶዎቹ ጋር ይመልከቱ። ክዳኑ ላይ ጭረት አለው። ዕቃው እጅዎ ከገባ በ15 ቀን ውስጥ እዚህ ያልገለጽነው ብልሽት ካገኙበት፣ እንደ ምርጫዎ በሌላ እንቀይርልዎታለን ወይም የከፈሉትን ገንዘብ እንመልስልዎታለን። ገንዘቡን ዕቃው በደረሰን በ3 የሥራ ቀን ውስጥ በከፈሉበት መንገድ እንልካለን፤ የመላኪያውንም ወጪ እኛ እንችላለን። ብልሽት ሳይኖረው ሐሳብዎን ከቀየሩ በ3 ቀን ውስጥ ይመልሱልን፤ መላኪያውን እርስዎ ይችላሉ። ከወደቀ ወይም ውሃ ከገባበት አንመልስም።»

ረዝሟል። ግን እያንዳንዱ መስመር ስልክ ላይ የሚነሳ አንድ ጥያቄን አስቀድሞ ይመልሳል። «ካርቶኑ ካልተከፈተ ብቻ» የሚለውን የተለመደ ሐረግ ሆን ብለን ተውነው። ካርቶኑን ሳይከፍት ብልሽቱን የሚያይ ሰው የለምና፣ ያ ሐረግ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው።

ገዢ ደግሞ ሲያነብ ግሶቹን ይፈልግ። «እንመልሳለን»፣ «እንቀይራለን» የሚል ካላገኘና ያለው «ተመላሽ»፣ «አስተማማኝ»፣ «100%» ብቻ ከሆነ፣ ከመክፈሉ በፊት «ከተበላሸ ገንዘቤን ትመልሳላችሁ? ከመቼ ጀምሮ በስንት ቀን?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በጽሑፍም መልስ ይቀበል። ማስታወቂያውንም ስክሪንሾት ያንሳው፤ የቴሌግራም ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ሊታረም ይችላልና። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እንዲህ ያለ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈግም ይላል።

የሐዋሳዋ ደንበኛ 38,500 ብሯ ተመልሶላታል። የአውቶቡሱ 400 ብር ላይ ግን እሷ «100% ብላችሁ የለ?» ስትል፣ እሱ «የዕቃው ነው እንጂ» ሲል ሁለት ቀን ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ከፈላት። በአዲሱ ማስታወቂያ ላይ ስለ መላኪያ ወጪ ያለችው መስመር የገባችው በዚያ 400 ብር ነው።