አማካዩ የሚደብቀው ስጋት

ውድ ተማሪዬ፣

የላክሽልኝን የቤት ሥራ አየሁት። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የተጠቀምሽበት መቶኛ ግን የዚህ ፕሮጀክት አይደለም።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ብድር የሌለበት አንድ የምግብ ኩባንያ ለድርጅቶች ሶፍትዌር የሚሠራ ክፍል ሊከፍት አስቧል። 100 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፤ በየዓመቱ በአማካይ 12 ሚሊዮን ዶላር ያለማቋረጥ ይጠብቃል። የኩባንያው አማካይ የካፒታል ወጪ፣ ዋክ የምንለው፣ 10 በመቶ ነው። አንቺም 12 ሚሊዮንን ለ0.10 አካፍለሽ 120 ሚሊዮን አገኘሽና «20 ሚሊዮን ያተርፋል» ብለሽ አጸደቅሽው።

ለመሆኑ ይህ 10 በመቶ ከየት መጣ? ባለአክሲዮኖች የምግብ ሥራውን አይተው ከሚጠይቁት ትርፍ ነው። ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝም ሰው ምግብ መሸመቱን አይተውም። ሶፍትዌር የሚገዙ ድርጅቶች ግን ያን ጊዜ ውላቸውን ያዘገያሉ። ሥራው ከጠቅላላው ገበያ ጋር አብሮ የሚዋዥቅበትን መጠን የሚለካው ቤታ ነው፤ የምግብ ኩባንያው ቤታ 1 ነው እንበል። ስጋት አልባው ወለድ 4 በመቶ፣ ገበያው ከዚያ በላይ የሚከፍለው 6 በመቶ ከሆነ፣ ሲደመር 10 ይሆናል።

የአዲሱን ክፍል ቤታ ለማግኘት ሶፍትዌር ብቻ ወደሚሠሩ፣ አክሲዮናቸው በገበያ ወደሚሸጥ ኩባንያዎች እንሂድ። የአክሲዮናቸው ቤታ 2.4 ነው እንበል። ይህን ግን እንዳለ አትውሰጂው፤ ከካፒታላቸው ሩቡ ብድር ነው፣ ብድር ደግሞ የባለአክሲዮኑን ስጋት ያንረዋል። ግብርንና የብድሩን ስጋት ለጊዜው ትተን በ0.75 ስናባዛው የሥራው ቤታ 1.8 ይሆናል። እንግዲህ ተገቢው ተመን 4 ሲደመር 1.8 ጊዜ 6፣ ማለትም 14.8 በመቶ ነው። 12 ሚሊዮን ለ0.148 ሲካፈል 81 ሚሊዮን ገደማ ነው። አትራፊ ያልሽው ፕሮጀክት 19 ሚሊዮን ያህል ያከስራል።

«ገንዘቡን የሚያወጣው ያው ኩባንያ ከሆነ ለምን ይወደድበታል?» ብለሽ ጽፈሻል። ባለአክሲዮኖቹ 100 ሚሊዮኑን ተቀብለው ራሳቸው የሶፍትዌር አክሲዮን ቢገዙበት፣ ብድሩን ሳንቆጥር ለዚሁ ስጋት 14.8 በመቶ ይጠብቁ ነበር። ኩባንያው ከዚያ ያነሰ የሚያስገኝ ሥራ ላይ ካዋለው ጉዳቱ የእነሱ ነው። ዋጋውን የሚወስነው ገንዘቡ የሚውልበት ሥራ እንጂ የወጣበት ካዝና አይደለም።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይሠራል። ቤታው 0.6 የሆነ የተረጋጋ ሥራ የሚያስፈልገው 7.6 በመቶ ብቻ ነው፤ 9 በመቶ የሚያስገኝ ቢሆንም በ10 ሲመዘን ይጣላል። እንዲህ የሚወስን ኩባንያ ስጋት የበዛበትን እየሰበሰበ የተረጋጋውን እየገፋ ይሄዳል። ክሩገር፣ ላንዲየርና ቴስማር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ብዙ ዘርፍ ያላቸው የአሜሪካ ኩባንያዎች ቤታቸው ከፍ ባለ ክፍሎች ላይ ከልክ በላይ እንደሚያፈስሱ አሳይተዋል።

ስትደግሚው አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ሶፍትዌሩ ጨርሶ ላይሠራ ይችላል ብለሽ በ14.8ቱ ላይ ሌላ መቶኛ አትጨምሪ። ያ ስጋት የሚገባው 12 ሚሊዮኑ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ ሥራው ሲሳካ ብቻ የሚገኘው ሳይሆን የውድቀቱም ዕድል የተቆጠረበት አማካይ መሆኑን አረጋግጪ።

መምህርሽ