ያውቁ ኖሯል? ለአራት ሰው ሙቅ ውሃ 3 ካሬ ሜትር ጣሪያ ይበቃል

አዲስ አበባ ውስጥ አራት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ለገላና ለዕቃ ማጠቢያ በቀን 150 ሊትር ሙቅ ውሃ ይጠቀማል እንበል። ከቧንቧ በ18 ዲግሪ የሚወርደውን ይህን ውሃ 55 ዲግሪ ለማድረስ 6.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይፈልጋል።

በጠራ የበጋ ቀን በከተማዋ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል። መስታወት የለበሰው ጠፍጣፋ ፓኔል ከዚህ ውስጥ ለውሃው የሚያደርሰው 2.5 ያህሉን ነው። 6.5 ለ2.5 ሲካፈል 2.6 ካሬ ሜትር ይሆናል። አቧራና ጭጋግ የሚቀንሱትን ለማካካስ 3 ካሬ ሜትር መትከል ይሻላል።

ቦይለርስ?

ከጋኑ ግድግዳ የሚያመልጠው ሙቀት ሲታከልበት በቀን 7.5፣ በወር 225 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ5 ብር ብናስበው በወር 1,125 ብር ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ስለሚወደድ፣ ቦይለሩ ቤቱን ወደ ላይኛው እርከን ሊያሻግረውም ይችላል።

ክረምት ሲገባ ፓኔሉ ብቻውን አይዘልቅም። ስለዚህ ብዙዎቹ የፀሐይ ማሞቂያዎች ጋናቸው ውስጥ የኤሌክትሪክ መጠባበቂያ አላቸው። ብልሃቱ ያለው ማብሪያው ላይ ነው፦ ሌሊቱን በርቶ ካደረ ፀሐይ የምትወጣው ጋኑ ከሞቀ በኋላ ስለሆነ ፓኔሉ ሥራ ይፈታል። በበጋም የመብራት ሒሳቡ ካልቀነሰ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ይኸው ማብሪያ ነው። በክረምት አመሻሽ ላይ፣ ውሃው ለብ ብሎ ከቀረ ብቻ፣ ለአንድ ሰዓት ማብራት ይበቃል።