ቁጣው ሳይሆን ጉዳዩ እንዲነበብ፦ ስለ ሥራ ባልደረባ የሚጻፍ አቤቱታ

ልጆቻችን በሥራ ቦታ ሲበደሉ መጀመሪያ የሚያሰሙት ለቤት ነው። ማታ ራት ላይ ይነግሩናል፤ ነገሩ ሲብስባቸው ደግሞ ለሰው ኃይል አስተዳደር ሊያስገቡ የጻፉትን ደብዳቤ በስልካቸው ከፍተው ያነቡልናል። እኛም አብረን ተቆጥተን «እሰየው፣ እንዲህ ነው እንጂ!» እንላለን። ደብዳቤው ግን የሚነበበው እንደ እኛ በማይቆጣ ሰው ነው። የሰው ኃይል ሠራተኛው ማን እውነቱን እንደተናገረ አያውቅም። ማጣራት የሚችለውን ብቻ ነው የሚፈልገው።

አንዲት የጎረቤቴ ልጅ በአንድ የግል ሆስፒታል አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ስትሆን ሕፃን ልጇ ከአያቱ ጋር ያድራል። ሥራዋ የሚያበቃው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሕመምተኞቹን ለቀን ተረኛዋ አስረክባ ነው። ተረካቢዋ ካልመጣች ክፍሉን ጥላ መውጣት አትችልም፤ አያትም ሕፃኑን ይዛ ትጠብቃለች። ነገሩ ሲደጋገም ይህን ጻፈች፦

«ሥነ ምግባር የጎደላትን ባልደረባ ስለመክሰስ። ሲስተር እገሊት ሁልጊዜ አርፍዳ ነው የምትገባው። ለሥራም ለሰውም ደንታ የላትም። ሆን ብላ እኔን ለመጉዳት ታስጠብቀኛለች። ባለፈው ደግሞ በሕመምተኞች ፊት አዋርዳኛለች። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ኃላፊዋ ስለምትወዳት ነው ዝም የተባለው። አፋጣኝ እርምጃ ካልተወሰደ ሥራዬን እለቃለሁ።»

እናቷ ደብዳቤውን ይዛ ወደ እኔ ላከቻት። «እትዬ፣ ውሸት የለበትም እኮ» አለችኝ። ውሸት እንደሌለበት አምኜአታለሁ። ነገር ግን ከስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች አንዱንም ሌላ ሰው መዝገብ አገላብጦ ሊያረጋግጠው አይችልም። ስለዚህ አንድ በአንድ ሄድንበት።

መጀመሪያ «ሁልጊዜ» የሚለውን ያዝን። ባልደረባዋ አንድ ቀን በሰዓቱ የገባችበትን ፊርማ ካሳየች አቤቱታው በሙሉ የተጋነነ ይመስላል። ልጅቷ የተራ ሰሌዳዋን ፎቶ ከስልኳ አወጣች፤ በርክክብ መዝገቡ ላይ ደግሞ የተረከበችው ነርስ የፈረመችበት ሰዓት አለ። ስንቆጥር በጥቅምት ወር ከዚያች ባልደረባ ጋር የተቀያየሩት 7 ጊዜ ነው። ሦስቱን ቀን በሰዓቱ ገብታለች። አራቱን ቀን ግን ከ35 እስከ 55 ደቂቃ ዘግይታለች፤ ሲደመር 3 ሰዓት ይሞላል። «ሦስቱን ቀን በሰዓቱ መጥታለች ብዬ ልጻፍላት?» ብላ ተገረመች። አዎን፣ ይጻፍ። በሰዓቱ የመጣችበትን ቀን ያልደበቀ ሰው ስለ ዘገየችበት ቀን ሲናገር ይታመናል።

ቀን በቀን መጻፉ ሌላም ጥቅም አለው። ለግል ድርጅት ሠራተኞች በሚያገለግለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ማርፈድ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት የሚችለው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ሲደጋገም ነው። አስተዳደሩ ቀላሉን እርምጃ ማለትም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት እንኳ ቀንና ሰዓት ያስፈልገዋል። «ሁልጊዜ» በሚል ቃል ማንንም ማስጠንቀቅ አይቻልም።

ሁለተኛው «ደንታ የላትም» እና «ሆን ብላ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የሙያችንን ልማድ አስታወስኳት። በሕመምተኛ ካርድ ላይ «ሰውየው ሰክሯል» ብለን አንጽፍም። «ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል፣ አፉ አልኮል ይሸታል» ብለን ያየነውንና ያሸተትነውን እንጽፋለን። ምክንያቱም በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር በጣም የወረደበት ሰውም እንዲሁ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩም ይተሳሰራል። «ሰክሯል» ብሎ የጻፈ ነርስ ቀጥሎ የሚመጣውን ሐኪም ስኳሩን ከመለካት ሊያዘናጋው ይችላል። የባልደረባዋ ልብም እንደዚያው ነው። መዘግየቷን አይታለች፤ ለምን እንደዘገየች ግን አላየችም። ምክንያቱን መጠየቅ የአስተዳደሩ ሥራ ስለሆነ ሁለቱም ሐረጎች ወጡ።

ሦስተኛው «አዋርዳኛለች» የሚለው ነው። ይህ ቃል የልጅቷን ሕመም ይናገራል እንጂ የሆነውን አይናገርም። አንዱ አስተዳዳሪ ስድብ፣ ሌላው ግልምጫ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። «ምን አለችሽ? ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ» አልኳት። ጥቅምት 25 ቀን በሕመምተኞች ክፍል ውስጥ «አንቺ ሥራ የማታውቂ፣ ሰዓት ብቻ የምትቆጥሪ!» ብላታለች። «ከዚያ በፊት አንቺ ምን አልሻት?» ስላት ትንሽ ዝም አለችና «ዛሬም አረፈድሽ? ሁሌ እንዲህ ነሽ» ማለቷን ነገረችኝ። ይህም ይጻፋል አልኳት። ባልደረባዋ ተጠርታ ስትጠየቅ መጀመሪያ የምትናገረው እሱኑ ነው። ከእርሷ አፍ ከተሰማ እንደ ተደበቀ ነገር ይቆጠራል፤ በደብዳቤው ውስጥ ካለ ግን ሌላው የተጻፈውም እንዲታመን ይረዳል።

«ሁሉም ሰው ያውቃል» በሚለው ፈንታ በቦታው የነበረችው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ተጠቀሰች፤ ያውም አስቀድማ ተጠይቃ ፈቃደኛ ከሆነች በኋላ ነው። የሰሙት ሕመምተኞች ግን በስም አይጠቀሱም፤ የሕመምተኛ ምስጢር ለክርክር መረጃ ተብሎ አይወጣም። ስለ ኃላፊዋ የተባለውም ወጣ። የባልደረባን መዘግየት በሚያመለክት ደብዳቤ ላይ ኃላፊንም መክሰስ አንዱን ጉዳይ ሁለት ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ማስረጃ የለውም።

የመጨረሻው ዛቻው ነው። «ሥራዬን እለቃለሁ» ሲባል ውይይቱ ከርክክቡ ወጥቶ የእርሷ መቆየትና መሄድ ላይ ያርፋል። በምትኩ ሊፈጸም የሚችል ጥያቄ ያስፈልጋል። «እርምጃ ይወሰድ» ማለትም ጥያቄ አይደለም፤ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልግ አይናገርምና። እንግዲህ ደብዳቤው እንደገና ሲጻፍ ይህን መሰለ፦

«ቀን፦ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለሰው ኃይል አስተዳደር
ጉዳዩ፦ በጠዋት ርክክብ ላይ ስላጋጠመ መዘግየት

በጥቅምት ወር የሌሊት ተራዬን ጨርሼ ሥራዬን ለሲስተር እገሊት ያስረከብኩት 7 ጊዜ ነው። የርክክቡ ሰዓት ጠዋት 2፡00 ነው። ሦስቱን ቀን ርክክቡ በሰዓቱ ተፈጽሟል። በቀሩት አራት ቀናት የተረከቡበት ሰዓት፦ ጥቅምት 4 ቀን 2፡35፣ ጥቅምት 11 ቀን 2፡50፣ ጥቅምት 19 ቀን 2፡40፣ ጥቅምት 25 ቀን 2፡55 ነው። ሰዓቶቹ በርክክብ መዝገቡ ላይ ተፈርመዋል።

በእነዚህ ቀናት ክፍሉን ብቻዬን ጠብቄ ቆይቻለሁ። የ2 ሰዓት መድኃኒቶችንም እኔ ሰጥቼ ፈርሜአለሁ።

ጥቅምት 25 ቀን በሕመምተኞች ክፍል ውስጥ «ዛሬም አረፈድሽ? ሁሌ እንዲህ ነሽ» አልኳቸው። እርሳቸውም «አንቺ ሥራ የማታውቂ፣ ሰዓት ብቻ የምትቆጥሪ» ብለው መለሱልኝ። ሁለት ሕመምተኞችና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሰምተዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ለመጠየቅ ፈቃደኛ ናቸው።

የምጠይቀው፦ 1ኛ) ተረካቢ ሲዘገይ ማን እንደሚተካ እንዲወሰን፤ 2ኛ) ተጨማሪ የሠራሁበት 3 ሰዓት እንዲመዘገብልኝ፤ 3ኛ) ከሲስተር እገሊት ጋር ኃላፊያችን ባለችበት እንድንነጋገር እንዲመቻችልን ነው።»

አስተውሉ፤ ጥፋት ተሸፍኖ አልቀረም። እንዲያውም ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከባድ ነው፤ መዝገብ ከፍቶ «አልዘገየሁም» ማለት አይቻልምና። የወጣው ፍርዱ ብቻ ነው። እኔ ደብዳቤ የምፈትነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ተከሳሿ ራሷ ብታነበው የትኛውን መስመር «ይህ አልሆነም» ትላለች? ያ መስመር መረጃ ከሌለው ይወጣል።

ካስገባች በኋላ ሁለቱም ተጠሩ። ባልደረባዋ ልጇን የምታደርስበት መዋዕለ ሕፃናት በሩን የሚከፍተው 2 ሰዓት ላይ ነበር። የምትለቅለት ሰው በሌለባቸው ቀናት ነው የዘገየችው። «ሆን ብላ» የሚለው ቃል በደብዳቤው ላይ ቢቀር ኖሮ ስብሰባው በዚያ ቃል ላይ በተጠመደ ነበር። በእነዚያ ቀናት ከሰዓት በኋላ እንድትገባ ተስማሙ። በሕመምተኞች ፊት ስለተባለው ግን ይቅርታ አልተባባሉም፤ ሁለቱም በቃል ተመከሩ፣ ነገሩ በዚያው አበቃ። ጥሩ ደብዳቤ ሰዓት ያስተካክላል እንጂ ወዳጅነትን አይመልስም።

ይህ አካሄድ የማያገለግልበት ቦታም አለ። ልጃችሁ ያለ ፈቃዷ ከተነካች፣ የፆታ ትንኮሳ ከደረሰባት፣ ከተመታች ወይም ከተዛተባት አራት ቀን እስኪሞላ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ይጻፋል። የተነካው የሰውነት ክፍል በስሙ፣ የተባለው ቃል እንዳለ ይሰፍራል፤ «ደስ የማይል ነገር ተፈጸመ» ተብሎ አይለሳለስም። የተጠቀሰው አዋጅ የፆታ ትንኮሳንና ጥቃትን በሥራ ቦታ ይከለክላል። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነ ጉዳዩ የፖሊስም ነው። እንደዚሁም በሕመምተኛ ላይ ጉዳት ያደረሰ የመድኃኒት ስህተት ካለ የሰው ኃይል አስተዳደርን አይጠብቅም፤ ወዲያውኑ ለሐኪሙና ለነርሶች ኃላፊ ይነገራል።

ለወላጆች የምለው ጥቂት ነው። ልጃችሁ ተናዶ ሲመጣ ይጻፈው፤ ግን አይላከው፣ ደብዳቤው አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት «ምን አየህ? መቼ? ሌላ ማን ነበረ?» ብላችሁ ጠይቁት። ለአለቃው እናንተ አትደውሉ፤ በሥራ ጓደኞቹ የቴሌግራም ቡድን ላይም እንዳይለጥፈው ንገሩት። ሲያስገባ ሁለት ቅጂ ይያዝ፤ አንዱን ሰጥቶ በሌላው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስፍሮ ወደ ቤት ይመለስ። ያ ቅጂ ከልደት የምስክር ወረቀቱ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።